አንድ ጉድጓድ፣ ሦስት ልክ

«ለመሠረት ጉድጓድ መቆፈርና አፈሩን ማስወገድ። መለኪያ፦ ሜትር ኩብ። መጠን፦ 129.60።»

ብዙ የሕንፃ ጨረታ ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ይገኛል። መስመሩ ያለበት ዝርዝር ቢል ኦፍ ኳንቲቲ፣ በሙያተኞች አጠራር ቢኦኪው ይባላል። ሥራው በሙሉ በተራ ቁጥር ተከፋፍሎ ይዘረዘርበታል። እያንዳንዱ መስመር የሥራው መግለጫ፣ መለኪያና መጠን አለው፤ ተጫራቹ ነጠላ ዋጋውን ሞልቶ ያባዛል። ገምጋሚዎች ዋጋ ማወዳደር የሚችሉት ሁሉም ተጫራቾች ያንኑ ሥራ አስበው ከሞሉ ብቻ ነው። ከላይ ያለው መስመር ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሥራ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንይ። ሕንፃው 20 ፉቲንግ ፓድ አለው። ከእያንዳንዱ ፓድ ሥር የሚነጠፈው ሊን ኮንክሪት 1.80 በ1.80 ሜትር ሲሆን ጉድጓዱ 2 ሜትር ይጠልቃል። ስፋቱን በጥልቀቱ፣ ከዚያም በ20 ስናባዛ 129.60 ሜትር ኩብ ይወጣል። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ሥዕሉን አይቶ የተጣራውን መጠን ጽፏል።

ሳይቱ ላይ ግን ማንም ሰው 1.80 በ1.80 ጉድጓድ አይቆፍርም። አናጺው ፎርምወርኩን አቁሞ የሚያስርበትና ኋላም የሚነቅልበት ቦታ ያስፈልገዋል። በየጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር ብንተውለት ጉድጓዱ 2.30 በ2.30 ይሆናል። የ20ው ድምርም 211.60 ሜትር ኩብ ይደርሳል። አፈሩ ደግሞ ከተቆፈረ በኋላ ይነፋል። ተራ አፈር ሲላላ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይጨምራል። 30 በመቶ ብንይዝ፣ ገልባጭ መኪናው ላይ የሚጫነው 275 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጉድጓዱ አንድ ሆኖ ሳለ በሥዕል ላይ 129.60፣ በመሬት ላይ 211.60፣ በመኪና ላይ 275 ይለካል።

ይህ ዋጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁለት ተጫራቾችን እንውሰድ። ለስሌት እንዲመች፣ ሁለቱም አንድ ሜትር ኩብ አፈር ቆፍሮ ለማውጣት 300 ብር ያወጣሉ እንበል። የመጀመሪያው የሚከፈለው በተጣራው መጠን እንደሆነ ስለገባው፣ የ211.60ውን ወጪ በ129.60 ላይ አከፋፍሎ 490 ብር ነጠላ ዋጋ ሞላ። ድምሩ 63,504 ብር ሆነ። ሁለተኛው በእውን የተቆፈረው ተለክቶ ይከፈለኛል ብሎ 300 ብር ሞላ፤ ድምሩ 38,880 ብር ነው። በዚህ መስመር ርካሹ ሁለተኛው ነው፣ ጨረታውንም ሊያሸንፍ ይችላል። የክፍያ ልኬት ሲደርስ ግን 211.60 ለክቶ ያመጣና 63,480 ብር ይጠይቃል። የሁለቱ ዋጋ ከመጀመሪያውም እኩል ነበር ማለት ነው፤ የተለያየው ንባባቸው ብቻ ነው። አማካሪው አልከፍልም ካለ ክርክር ይከተላል። ከከፈለ ደግሞ ሰነዱን በትክክል አንብቦ የሞላው ተጫራች ያለ ጥፋቱ ተሸንፏል።

ስለዚህ መግለጫው እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ከተገፈፈ በኋላ ካለው ወለል ጀምሮ፣ እስከ 1.50 ሜትር ጥልቀት፣ በተራ አፈር ለፉቲንግ ፓድ ጉድጓድ መቆፈር። የሚለካው በሥዕሉ ላይ ያለው የሊን ኮንክሪት ስፋት በጥልቀቱ ተባዝቶ ነው። ለሠራተኛ መንቀሳቀሻ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ለማዘንበልና ለመደገፍ የሚቆፈረው ትርፍ በነጠላ ዋጋው ውስጥ የተካተተ ነው። አፈሩ በመላላቱ የሚጨምረው መጠን አይለካም።»

ከዚህ ቀጥሎ ከ1.50 እስከ 3.00 ሜትር ላለው ጥልቀት ሌላ መስመር ይመጣል፤ ከታች አፈር ማውጣት ከላይ ከማውጣት ይልቅ ስለሚከብድ ዋጋው ይለያል። የእኛ ጉድጓዶች በመጀመሪያው መስመር 97.20፣ በሁለተኛው 32.40 ሜትር ኩብ ይኖራቸዋል።

የመነሻው ወለል መጠቀሱን ልብ በሉ። የላይኛውን አፈር መግፈፍ ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ለብቻው ይከፈላል። የቁፋሮው ልኬት ከተፈጥሮው መሬት ከጀመረ በእነዚህ 20 ጉድጓዶች ብቻ 12.96 ሜትር ኩብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

«አፈሩን ማስወገድ» የሚለውን ከቁፋሮው አውጥቼዋለሁ። የተቆፈረው አፈር ለሙሊት የሚሆን ከሆነ ከፊሉ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ዋልካ ከሆነ ግን ሁሉም ተጭኖ ይሄድና በምትኩ ገረጋንቲ ይመጣል። በአንድ ነጠላ ዋጋ ውስጥ ሲታሰሩ ተጫራቹ የትኛው እንደሚሆን እየገመተ ይሞላል። ለብቻው በተያዘው የማስወገድ መስመር ላይም የሚለካው መሬት ውስጥ እያለ በነበረው መጠን እንጂ በመኪና ጭነት እንዳልሆነ መጻፍ አለበት። አለትም እንዲሁ የራሱ መስመርና የራሱ ትርጉም ይኑረው፤ ለምሳሌ ያለ ኮምፕረሰር ወይም ያለ ፈንጂ ሊወጣ የማይችል ተብሎ። «ማንኛውም ዓይነት አፈርና አለት» ብሎ ሁሉን በአንድ መጠቅለል ችግሩን አያስቀርም። ጠንቃቃው ተጫራች ለአለት ይጨምራል፣ ደፋሩ አይጨምርም፣ ዋጋቸውም መወዳደሩ ይቀራል። የአፈር ምርመራው ስለ አለት ቁርጥ ያለ ነገር ካልነገረን ጊዜያዊ መጠን ይዞ በተገኘው ልክ መክፈል ይሻላል።

መለኪያው ራሱ መግለጫው ምን መያዝ እንዳለበት ይነግረናል። በሜትር ኩብ የሚለካ ሥራ ሦስቱም ልኮች በመጠኑ ውስጥ አሉ። በካሬ ሜትር የሚለካ ከሆነ ውፍረቱ መግለጫው ላይ መጻፍ አለበት፤ የብሎኬት ግድግዳ «ካሬ ሜትር» ብቻ ተብሎ 15 ይሁን 20 ሴንቲ ሜትር ካልተባለ ዋጋ ሊወጣለት አይችልም። በሜትር ከሆነ ስፋትና ውፍረት፣ በቁጥር ከሆነ ደግሞ ሁሉም ልክ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ደንብ በየመስመሩ መድገም ግድ አይደለም። ባትኮዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የሕንፃ ሥራዎች የቴክኒክ ስፔሲፊኬሽንና የአለካክ ደንብ ዛሬም በአገራችን ይሠራበታል። የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ በ1999 እትሙ፣ በአንቀጽ 12.2፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የሚለካው የተጣራው መጠን ነው ይላል። ዋናው ነገር ሰነዱ በየትኛው ደንብ እንደተለካ መግቢያው ላይ በስም መጥራት፣ ከዚያ ደንብ የወጣ መስመር ካለም እዚያው መስመር ላይ መጻፍ ነው። ሁለት ደንብ ቀላቅሎ ዝም ማለት ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሁለቱም ወገን ማስረጃ ይዞ ይከራከራልና።

ጉድለት ያለበት መግለጫ ከዋጋው ይታወቃል። ጨረታው ሲከፈት በሌሎች መስመሮች ተቀራራቢ ዋጋ የሰጡ ተጫራቾች በአንዱ መስመር ላይ እጥፍ ድርብ ከተለያዩ፣ ያንን መስመር መልሳችሁ አንብቡት። ያን ጊዜ ግን ለማረም ረፍዷል። ተጫራች አስቀድሞ ማብራሪያ ከጠየቀም መልሱ በጽሑፍ ለሁሉም መድረስ አለበት፤ ለጠያቂው ብቻ በስልክ ከተነገረ ሌላ ልዩነት ይፈጥራል።

ዝርዝር የምታዘጋጁ ባልደረቦቼ፣ ሰነዱ ከመታተሙ በፊት መጠኑን ሸፍናችሁ መግለጫውንና ሥዕሉን በሥራው ላልነበረ ሰው ስጡትና ይለካ። የሱ ቁጥር ከእናንተ ከተለየ ከቁጥሩ በፊት መግለጫውን አርሙ።