ኮዱ ሳይነካ የሚወድቀው ቴስት

ዓርብ ማታ ቴስቶቹ በሙሉ አልፈው ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ በመካከሉ ማንም አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ፣ ግማሾቹ ወድቀው ይገኛሉ። ድረ ገጽ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ይህን በደንብ ያውቁታል። ስህተቱን ኮዳቸው ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ የተለወጠው ግን ብዙ ጊዜ ብራውዘሩ ነው።

የብራውዘር ቴስት ማለት ሰው የሚሠራውን የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እውነተኛ ብራውዘር ይከፍታል፣ ስም ይጽፋል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ የሚጠበቀው ገጽ መምጣቱን ያያል። አንዳንዱ ደግሞ የገጹን ፎቶ አንስቶ ቀደም ሲል ትክክል ተብሎ ከተቀመጠው ፎቶ ጋር ነጥብ በነጥብ ያስተያያል። ፕሮግራመሩ ኮዱን ወደ ጋራ ማኅደር በላከ ቁጥር አንድ ሰርቨር ኮዱን አውርዶ እነዚህን ቴስቶች በራሱ ያካሂዳል። በሙያው ሰዎች ቋንቋ ይህ አሠራር ሲአይ ይባላል።

ሰርቨሩ የሚጠቀምበት ብራውዘር ግን ቆሞ አይጠብቅም። ክሮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ቆይቷል። የሲአይ አገልግሎት ሰጪዎችም በማሽኖቻቸው ላይ ቀድመው የሚጭኑትን ብራውዘር ደንበኛውን ሳይጠይቁ ያድሱታል። ስለዚህ ቴስቱ ሲወድቅ ጥያቄው ሁለት ይሆናል፦ የተበላሸው የእኛ ኮድ ነው ወይስ ብራውዘሩ ተቀይሮ ነው? ቴስት የሚጻፈው አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲቀር ነው።

መፍትሔው ብራውዘሩን፣ ብራውዘሩ የሚፈልጋቸውን የሊኑክስ ፋይሎችና ፎንቶቹን አንድ ላይ አሽጎ በቁጥር መሰየም ነው። የታሸገው ነገር ኢሜጅ ይባላል፤ ኢሜጁ ሲነሣና ሲሠራ ደግሞ ኮንቴይነር ይሆናል። ያው ኢሜጅ በፕሮግራመሩ ላፕቶፕም በሲአይ ሰርቨሩም ላይ ይነሣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአማርኛ የተማሪዎች መመዝገቢያ ገጽ አለ እንበል፤ ቴስቶቹ የተጻፉት ማይክሮሶፍት በሚያወጣው ፕሌይራይት በሚባለው መሣሪያ ነው። ፕሌይራይት ከየቨርዥኑ ጋር የሚሄድ የራሱ ብራውዘር አለው። 1.48 ከክሮሚየም 130 ጋር ነው የሚሠራው፤ 1.49 ደግሞ ከ131 ጋር። ብራውዘሮቹን የያዘ ኢሜጅም በየቨርዥኑ ይወጣል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኢሜጁ የሚይዘው ብራውዘሮቹን እንጂ የፕሌይራይትን ላይብረሪ አለመሆኑ ነው። ላይብረሪው የሚመጣው ከፕሮጀክቱ የ`package.json` ፋይል ነው። ሁለቱ ከሁለት ቦታ ስለሚመጡ በቁጥር ካልተስማሙ ሥራው አይጀመርም።

አለመስማማቱ የሚመጣው ከትንሽ ምልክት ነው። ፋይሉ ውስጥ `"^1.48.0"` ተብሎ ከተጻፈ ያቺ ጣሪያ የምትመስለው ምልክት «ከዚህ የበለጠ አዲስ ካለ፣ 2 እስካልደረሰ ድረስ አምጣ» ማለት ናት። አንድ ቀን 1.49 ይመጣና ኢሜጁ ውስጥ የሌለ ብራውዘር ይፈልጋል፤ `Executable doesn't exist` የሚል መልእክት ጽፎም ይቆማል። ምልክቷን አጥፍቶ `"1.48.0"` ብሎ መጻፍ፣ በሲአይ ላይም `npm install` ሳይሆን የተቆለፈውን ዝርዝር የሚያከብረውን `npm ci` መጠቀም ይህን ይዘጋል። ይህ ጥፋት ቢያንስ ራሱን በግልጽ ይናገራል። ከባዱ ድምፅ የሌለው ነው።

እሱም ፎንት ነው፤ በተለይ ለእኛ ፊደል። ገጹ የራሱን ፎንት ካልያዘ ብራውዘሩ ማሽኑ ላይ ያገኘውን ይጠቀማል። በማክ ላይ ከፋ የተባለው ፎንት አለ፤ በዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ። ሊኑክስ ኮንቴይነር ውስጥ ሦስቱም የሉም። የግዕዝ ፊደል ያለው ምንም ፎንት በሌለበት ኢሜጅ ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ሌላ ፎንት ካለ ደግሞ ፊደሉ ይታያል፣ ግን ስፋቱ ይለያል፤ በአንድ መስመር ያልቅ የነበረው «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ሙሉ ስም» ሁለተኛ መስመር ላይ ይወርድና ከሥሩ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ይገፋል። ያኔ የፎቶ ማስተያየቱ ይወድቃል፤ ገጹ ላይ ግን ምንም ጥፋት የለም። ኮንቴይነሩ ለአማርኛ የትኛውን ፎንት እንደመረጠ ለማወቅ ውስጡ ገብቶ `fc-match :lang=am` ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ስለዚህ ፎንቱንም አብረን እናሽገዋለን፦

```
FROM mcr.microsoft.com/playwright:v1.48.0-jammy
RUN apt-get update \
 && apt-get install -y fonts-sil-abyssinica
```

ይህን ኢሜጅ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማስቀመጥና ሁሉም ከዚያው እንዲወስድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በየጊዜው እንደገና ከተሠራ `apt-get` የዕለቱን ፎንት ያመጣል። የኢሜጅ ስምም ቢሆን ነገ ወደ ሌላ ይዘት ሊዞር የሚችል ምልክት ነው። የማይዞረው በ`sha256` የሚጀምረው ረጅም የይዘት አሻራው ነው፤ ጥብቅነት የሚፈልግ ቡድን በሱ ይጥራው።

ትክክል ተብለው የሚቀመጡት ፎቶዎችም መነሣት ያለባቸው እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ ነው፦

```
docker run --rm --ipc=host -v "$PWD":/work -w /work \
  tests:1.48.0 npx playwright test --update-snapshots
```

`tests:1.48.0` ለሠራነው ኢሜጅ የሰጠነው ስም ነው። `--ipc=host` የተጨመረችው ደግሞ በምክንያት ነው። ዶከር ለአንድ ኮንቴይነር የሚሰጠው የጋራ ማስታወሻ፣ ማለትም `/dev/shm`፣ ሌላ ካልተነገረው 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ክሮሚየም ይህን ቦታ ከሞላው ገጹ በመሃል ይሞታል፤ ምልክቱም ትልልቅ ገጾች ላይ አንዴ የሚያልፍ፣ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ነው። ላፕቶፑ አዲሱ የአፕል ቺፕ ያለው ማክ ከሆነም ዶከር የዚያን ቺፕ ኢሜጅ ያመጣል፤ የፊደል ጠርዝ በጥቂቱ ሊለያይ ስለሚችል ኢሜጁ ሲሠራም ሲነሣም `--platform linux/amd64` ብሎ ከሰርቨሩ ጋር ማስተካከል ይሻላል።

ብዙ ቡድኖች ይህን ከመሥራት ይልቅ የልዩነት መቻያውን ከፍ ያደርጋሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ቢለያይም ይለፍ ይላሉ። በእኔ እይታ ይህ ቴስቱን ከማጥፋት አይሻልም። ከቁልፍ ላይ አንድ ፊደል ቢጠፋ ከዚያ ያነሰ ነጥብ ነው የሚቀየረው።

ብራውዘርን በቁጥር ማሰር የራሱ ዕዳ አለው። የገጹ ተጠቃሚዎች በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው ወደ አዲሱ ክሮም ሲሻገሩ ቴስቱ አሮጌው ላይ ይቀራል። አሮጌ ብራውዘር የደኅንነት ቀዳዳም ይኖረዋል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮንቴይነር የራስን ገጽ ለመፈተን እንጂ ወደማይታወቁ ድረ ገጾች ለመውጣት መዋል የለበትም። ለመጀመሪያው ዕዳ ሁለተኛ ሩጫ ማዘጋጀት ይበጃል፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ያንኑ ቴስት በቅርቡ ብራውዘር የሚያካሂድ፣ ቢወድቅም የማንንም ሥራ የማያግድ። እሱ ሲወድቅ የታሰረው ካለፈ፣ ለውጡ የመጣው ከብራውዘሩ መሆኑ ያለ ክርክር ይታወቃል።

ቨርዥን ከፍ የማድረጊያ ቀን ሲደርስ የኢሜጁንና የላይብረሪውን ቁጥር በአንድ ለውጥ ቀይሩ፤ ሌላ ኮድ አትቀላቅሉበት። ፎቶዎቹን እንደገና አንሡና አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ አትቀበሉ።