ዐሥራ ሁለቱን ሳምንት መመንዘር

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆቴል የምትሠራ ሴት እናስብ። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ ካንሰር ተገኘባት፤ ሐኪሞቹም በየ21 ቀኑ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት ዙር ኬሞ አዘዙላት። ልጅቷ መጀመሪያ ያሰበችው አብዛኞቻችን የምናስበውን ነው። አስታማሚ ማለት ከአልጋው አጠገብ የማይጠፋ ሰው ነውና፣ ሦስት ወር ፈቃድ ልትጠይቅ ተነሣች።

ወደ ኤች አር ከመሄዷ በፊት ግን ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ካላንደር አውርዳ ብትቆጥርበት ይበጃታል። በአሜሪካ በ1993 የወጣውና በአጭሩ ኤፍ.ኤም.ኤል.ኤ. የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ በጠና የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 12 የሥራ ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ሥራዋ ወይም በደመወዝም በደረጃም እኩል የሆነ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፤ የጤና መድኗም አይቋረጥም። አሁን ቀኑን እንቁጠር። የመጀመሪያው ኬሞ በ1ኛው ቀን ቢሰጥ፣ ሁለተኛው በ22ኛው፣ ሦስተኛው በ43ኛው፣ አራተኛው በ64ኛው፣ አምስተኛው በ85ኛው ቀን ይውላል። ዐሥራ ሁለት ሳምንት 84 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ከወሰደችው ፈቃዷ የሚያልቀው በአምስተኛው ዙር ዋዜማ ነው። አክስቷ ይበልጥ በምትደክምባቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች የቀራት ቀን አይኖርም።

ሕጉ መመንዘር ይፈቅዳል። የታማሚዋ ሁኔታ የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃዱን በቀን፣ በግማሽ ቀን፣ በሰዓትም ቆራርጦ መውሰድ ይቻላል። ይህ አሠሪው ሲመቸው የሚያደርገው ውለታ አይደለም፤ ሐኪም አስፈላጊነቱን ካረጋገጠና ሠራተኛዋ መስፈርቱን ካሟላች "ወይ ሦስቱን ወር በአንዴ ውሰጂ ወይ ተዪው" ሊላት አይችልም።

ሒሳቡ የሚሠራው በሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለምትሠራ ሴት 12 ሳምንት ማለት 480 ሰዓት ነው። የኬሞው ዕለትና ተከታዮቹ ሁለት ቀናት በየዙሩ 24 ሰዓት ይወስዳሉ፤ ለስድስቱ ዙር 144 ሰዓት መሆኑ ነው። ኬሞ ግን ከቀጠሮ ውጭም ሰው ይጠራል። ከሕክምናው በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ስለሚወርድ፣ ትኩሳት ከተነሣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ለዚህ በወር ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ሁለት ቀን ብትይዝ በአራት ወር 128 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 272 ሰዓት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ እጇ ላይ ገና 208 ሰዓት፣ ማለትም 26 የሥራ ቀን ይቀራል።

ይህ መብት ግን ለሁሉም አይደርስም። አሠሪው ከምትሠራበት ቦታ በ75 ማይል ክልል ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል፤ እሷም ቢያንስ 12 ወር የሠራች፣ ከፈቃዱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥም 1,250 ሰዓት የሞላች መሆን አለባት። ብዙ የእኛ ሰዎች የሚሠሩባቸው ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከዚህ ውጭ ናቸው። ሕጉ የሚያውቀው ቤተሰብም ጠባብ ነው፤ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ። ወንድም፣ እህት፣ አማት አልተካተቱም።

ታዲያ አክስትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያውቅ መብቱን ይተዋል። በልጅነት በወላጅ ቦታ ሆኖ ያሳደገ ሰው፣ የሥጋም ሆነ የፍርድ ቤት ወረቀት ባይኖረውም፣ በዚህ ሕግ እንደ ወላጅ ይቆጠራል። አሠሪው ማረጋገጫ ቢጠይቅ "ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት" የሚል ቀላል የጽሑፍ መግለጫ ይበቃል። ስለዚህ "እናቴ" ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፤ በኋላ ነገሩ ሲጣራ እንደ ውሸት ሊያስቆጥር ይችላል። እውነቱን መጻፍ ይሻላል። የገዛ እናትን የሚያስታምም ሰውም ቢሆን፣ እኛ በአባታችን ስም ስለምንጠራ የእናትና የልጅ ስም አለመግጠሙን ቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ ጥያቄ ይቀርለታል።

ጥያቄው በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ የታወቀ ሕክምና ከሆነ ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ ይገባል፤ ኬሞው በሚመጣው ሳምንት የሚጀመር ከሆነ ግን ቀጠሮው በታወቀበት ዕለት ወይም በማግሥቱ። የደብዳቤዋ ፍሬ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ያሳደገችኝ አክስቴ በጠና ታምማ ኬሞ ልትጀምር ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሰኞ ትታከማለች፤ በዚያ ዕለት፣ ማክሰኞና ረቡዕም አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል። የስድስቱን ዙር ቀጠሮ አያይዣለሁ። ከዚህ ሌላ ድንገት ቢብስባት በወር እስከ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ ሁለት ቀን ልቀር እችላለሁ።"

ሰኞ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ሆቴሉ ሰው የሚበዛበት ቅዳሜና እሑድ ነው፤ የእሷ የዕረፍት ቀን ደግሞ ሐሙስና ዓርብ። ሆስፒታሉን ለምና ቀጠሮውን ሰኞ ስታስደርግ፣ በሦስት ቀን ፈቃድ አምስት ቀን ተከታትላ ቤት ትውላለች፤ ሆቴሉም በተጨናነቀበት ቀን አያጣትም። ሕጉም የታቀደ ሕክምና በተቻለ መጠን ሥራ እንዳያውክ ሆኖ እንዲቀጠር ይጠይቃል። አሠሪው በበኩሉ ለታቀዱት ቀናት ሲባል፣ ደመወዟና ጥቅሟ ሳይነካ፣ ለጊዜው ወደሚመች ሌላ ሥራ ሊያዛውራት ይችላል።

በእኔ እምነት ነገሩ በብዛት የሚበላሸው በሐኪሙ ወረቀት ላይ ነው። አሠሪው WH-380-F የሚባለውን ቅጽ ወይም የራሱን ይሰጣታል፤ አስሞልታ ለመመለስ ቢያንስ 15 ቀን አላት። ቅጹ ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ቀን እንደምትፈለግ ይጠይቃል። የቸኮለ ሐኪም "እንደ አስፈላጊነቱ" ወይም "አይታወቅም" ብሎ ያልፈዋል፤ ያ መልስ ደግሞ ያልተሟላ ተብሎ ይመለሳል። ሲመለስ አሠሪው የጎደለውን በጽሑፍ ነግሯት፣ ለማስተካከል ቢያንስ ሰባት ቀን መስጠት አለበት። ከዚህ ሁሉ ምልልስ፣ ደብዳቤዋን ለክሊኒኩ ነርስ አሳይታ ቁጥሮቹ በሐኪሙ ግምት ልክ መሆናቸውን ማስመርመር ይቀላል። ደብዳቤውና ቅጹ የተለያየ ቁጥር ከያዙ የሚታመነው ቅጹ ነው። ድንገተኛው መስመር ባዶ ከቀረም የተፈቀደላት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ነው፤ የሌሊቱ ትኩሳት አልተካተተም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዓመት ፈቃዷ በዚሁ ላይ ተደርቦ ሊሄድ ይችላል። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ዲሲ ለአስታማሚ የሚከፍል የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በእነዚያ የሚሠራ ሰው እሱንም ይጠይቅ።

ፈቃዱ ጸድቆ ሦስተኛው ዙር አለፈ እንበል። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ቴርሞሜትሩ 38.4 አሳየ። አክስቷን ጋቢ አልብሳ መኪና ውስጥ ካስገባች በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ለቀሪ ሠራተኛ ባወጣው ስልክ ትደውላለች። "ዛሬ አልመጣም" ብቻ ካለች እንደ ተራ ቀሪ ይቆጠርባታል። "በተፈቀደልኝ ኤፍ.ኤም.ኤል.ኤ. ነው የምቀረው፤ አክስቴን ድንገተኛ ክፍል እየወሰድኳት ነው" ስትል ግን ቀኑ የቀሪ ነጥብ ሊያዝበት አይችልም። የደወለችበትን ሰዓትና ያነጋገረችውን ሰው ስም ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በርዶ፣ የአክስቷ የጓደኛ ልጅ ሲተካት፣ ከስምንት ሰዓት ሺፍቷ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓታት ገብታ ሠራች። በዚያ ሳምንት ከ480ው ሊቀነስባት የሚገባው አምስት ሰዓት ነው፤ ካላንደሩ ላይም "5" ብላ ጽፋ፣ ከሆቴሉ መዝገብ ጋር ልታስተያየው ፍሪጁ ላይ መልሳ ለጠፈችው።