የጀማሪ ኮፍያ፦ ከልኬት እስከ ስፌት

ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ክርና መርፌ፣ እኩል 88 ቀለበት ይዘው ኮፍያ ቢሠሩ የአንዱ ዙሪያ 44፣ የሌላው 55 ሴንቲ ሜትር ሊወጣ ይችላል። አንዱ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው ያላላል። የመጀመሪያው ኮፍያ ራስ ላይ ግድድ ብሎ ይገባል፤ ሁለተኛው ዐይን ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ሥራው በናሙና ይጀመራል። ለጀማሪ የሚመቸው መካከለኛ ውፍረት ያለው ወርስተድ ክር ነው፤ ብዙ ጊዜ መጠቅለያው ላይ 4 ቁጥር ይታተምበታል። 100 ግራም ለአንድ ኮፍያ ይበቃል። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ 24 ቀለበት ጀምሮ፣ ፊቱን ቀጥታ ጀርባውን ግልብጥ እየሠሩ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ማስረዘም፣ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ መሐሉን መለካት ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ወርድ 18 ቀለበት፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት 24 ረድፍ መቆጠር አለበት። 20 ቀለበት ከተቆጠረ መርፌው ወደ 5.5 ከፍ ይላል፤ 16 ከሆነ ወደ 4.5 ይወርዳል።

አጽሕሮቶቹ ጥቂት ናቸው። «ቀ» ቀጥታ ነው፤ ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ይገባል። «ግ» ግልብጥ ነው፤ ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይወጣል። «ሁቀ» ሁለት ቀለበት አንድ ላይ በቀጥታ መሥራት ነው። በሁለት ኮከቦች መካከል ያለው ይደጋገማል።

የራሱ ዙሪያ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 90 ቀለበት ይጀምራል፤ ለ50 ሴንቲ ሜትር 82፣ ለ60 ደግሞ 98 ነው። ኮፍያው ከራስ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጠበው እንዲይዝ ነው። አጀማመሩ ከጠበቀ ጠርዙ አይለጠጥም፤ ቀለበቶቹን በወፈር ያለ መርፌ መጀመር ይረዳል።

ጠርዙ እንዲህ ይሠራል፦ ፊቱ *2ቀ፣ 2ግ*፣ መጨረሻው 2ቀ፤ ጀርባው *2ግ፣ 2ቀ*፣ መጨረሻው 2ግ። 5 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ፊቱ በሙሉ ቀ፣ ጀርባው በሙሉ ግ ይሆናል። ቁመቱ ከጠርዙ ጀምሮ 16 እስኪደርስ ይቀጥላል (ለትንሹ 14፣ ለትልቁ 17)። በየጥቂት ረድፉ መቁጠር ያስፈልጋል፤ 91 ከተገኘ ብዙውን ጊዜ ረድፍ ሲጀመር ክሩ መርፌው ላይ ዞሮ ትርፍ ቀለበት ፈጥሯል።

አናቱ የሚጠበው በፊት ረድፎች ብቻ ነው፦ 1ቀ፣ *6ቀ፣ ሁቀ*፣ 1ቀ። 90ው ወደ 79 ይወርዳል። ጀርባው በግ ይመለስና ቀጣዩ ፊት *5ቀ፣ ሁቀ*፣ ከዚያ *4ቀ፣ ሁቀ* እያለ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም *ሁቀ* ብቻ ተሠርቶ 13 ቀለበት ይቀራል። በትንሹ 12፣ በትልቁ 14 ነው።

ክሩ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጣል። በጆሮ ሰፊ መርፌ በቀሪዎቹ ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና ጠብቆ ይሳባል፤ ጎኑም ከየጫፉ አንድ ቀለበት ወደ ውስጥ እየገባ ይሰፋል። ያኔ ሁለቱ የጠርዝ ጫፎች ገጥመው 2ቀ ይሆናሉ፤ መገጣጠሚያውም እምብዛም አይለይም።