«3/5» ስንት ቀን ነው?

የሰርግ ዲኮር የምትሠራ እህት አለችኝ። ባለፈው ጥቅምት ለንደን ከሚኖር ደንበኛ እንዲህ የሚል መልእክት መጣላት፦ «ለ3/5 አዲስ አበባ ሰርግ አለን። አዳራሹ በ3 ሰዓት ዝግጁ መሆን አለበት። ዋጋ ይላኩልኝ።»

ይህን የመሰለ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ችግሩ ትርጉም ማጣት ሳይሆን ትርጉም መብዛቱ ነው። በኛ አቆጣጠር 3/5 ጥር 3 ቀን 2018 ነው። እንግሊዝ አገር የከረመ ሰው ደግሞ ሜይ 3 ሊለው ይችላል፤ በኛ ሚያዝያ 25 ማለት ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ቢጽፈው ወሩ ስለሚቀድም ማርች 5 ይሆናል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ የጠዋቱ ሦስት ይሁን የፈረንጆቹ ሦስት፣ ማለትም የኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ አይታወቅም።

ሦስት ቀን በሁለት ሰዓት ሲባዛ ስድስት ነው። ስድስት አማራጭ የተላከለት ደንበኛ አንብቦ አይጨርስም። ስለዚህ እህቴ መጀመሪያ የምታደርገው ማጣራት ነው። ማርች 5 ቀረ፤ ስልኩ የእንግሊዝ ነው፣ ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ በዚያ ላይ ሁዳዴ ውስጥ ይገባል። በዐቢይ ጾም ማን ይደግሳል? ሰዓቱንም ለጊዜው ተወችው። ዋጋው በሰዓቱ አይለወጥም፤ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ስልክ ያልቃል። የቀኑ ነገር ግን አያድርም፤ ጥር የሰርግ ወር ነው፣ እሑዶቹም ቶሎ ይያዛሉ።

ሁለት ቀኖች ቀሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ «እሑድ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ። ጥር 3ም ሚያዝያ 25ም እሑድ ላይ ነው የሚውሉት! ደንበኛው የትኛውንም ቢያስብ «አዎ» ይላል፣ ጠያቂውም ያረጋገጠ ይመስለዋል። ሁለቱን ቀን የሚለየው በዓሉ ነው፤ አንደኛው ከጥምቀት ስምንት ቀን ይቀድማል፣ ሌላው ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የለንደን አቆጣጠር የለመደውም ቢሆን ጥምቀትንና ፋሲካን አያምታታም።

ስም አወጣጡ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ጊዜ አማራጮቿን 1፣ 2፣ 3 ብላ ቁጥር ሰጥታ ላከች። ደንበኛዋ «3» ብላ መለሰች። ሦስተኛው አማራጭ ይሁን ቀን ሦስት ይሁን ሰዓቱ ማን ያውቃል? ቁጥር በሞላበት ጥያቄ ላይ ቁጥርን መለያ ማድረግ እንዲህ ያደርጋል። ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚለውም በጽሑፍ ይሠራል፤ በድምፅ መልእክት ግን «ሀ» የሚል መልስ ሲመጣ ሃሌታውን ሀ ይሁን ሐመሩን ሐ ጆሮ አይለየውም። ሁለቱን ቀን በአንድ ዐረፍተ ነገር «ጥር 3 ነው ወይስ ሜይ 3?» ብላ የጠየቀችበት ጊዜም አለ፤ የመጣው መልስ «አዎ፣ እናመሰግናለን» ነበር። እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ምናልባት መኪና እየነዳ ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።

ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው እንዲህ ነው፦

«ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው።
ጥር፦ እሑድ ጥር 3 (ጃንዋሪ 11)፣ ከጥምቀት በፊት።
ሜይ፦ እሑድ ሚያዝያ 25 (ሜይ 3)፣ ከፋሲካ በኋላ።
ጥር ወይም ሜይ ብለው ብቻ ይመልሱልኝ። ሁለቱም ካልሆኑ የወሩን ስም ይጻፉልኝ።»

መለያው ራሱ መልስ ነው፤ ደንበኛው ወደ ላይ ተመልሶ ቁጥር መቁጠር የለበትም። እያንዳንዱ ቀን በየመስመሩ ስለተቀመጠ «አዎ» ለማለት አይመችም። መጨረሻ ላይ ያለችው ዐረፍተ ነገር ትንሽ ብትመስልም እህቴ አትዘላትም። እሷ ያላሰበችው ሦስተኛ ቀን ቢኖር፣ መውጫ ያልተሰጠው ደንበኛ ከሁለቱ ቀረብ የሚለውን መርጦ ዝም ይላል፤ ስህተቱ የሚታወቀው አበባው ከተገዛ በኋላ ነው።

ይህ ዘዴ ሁልጊዜ አያዋጣም። ደንበኛው «ነጭ አበባ» ቢልና ጽጌረዳ ይሁን ሌላ ባይናገር፣ እህቴ አትጠይቅም፤ የጽጌረዳውን ዋጋ ልካ ሊቀየር እንደሚችል ትጨምራለች። የምትጠይቀው በግምት ሄዳ ብትሳሳት መመለስ የማይቻል ሲሆን ነው።

መልሱ እስኪመጣ ጥር 3ን ቀብድ ሳትቀበል በእርሳስ ያዘችው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያመልጠው እሱ ነበርና። ማታ ላይ ከለንደን በላቲን ፊደል አንድ ቃል መጣ፦ may. ጥር 3 በማግስቱ ለሌላ ሙሽራ ተሰጠ።