የባለቤቱ «እሺ» ሲዘገይ

በቤት ማጠናቀቂያ ሥራ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ካልተመረጠ ለጣፊው ሥራ ይፈታል፤ እሱ ካልጨረሰ ደግሞ የእጅ መታጠቢያውም ሆነ መቀመጫው አይገጠምም። «ምነው ዘገዩ?» የሚል መልእክት ባለቤቱን ያሸማቅቃል እንጂ ምርጫውን አያቀልለትም። ይልቅ ሥራ ተቋራጩ የሁለት ናሙናዎችን ፎቶ ከነዋጋቸው በቴሌግራም ልኮ እንዲህ ቢል ይሻላል፦

«ጋሼ፣ እስከ ዓርብ አንዱን ቢመርጡልኝ ለጣፊው ሰኞ ይጀምራል። ካለፈ ግን ሌላ ሥራ ስለያዘ ርክክቡ በአንድ ሳምንት ይገፋል።»

ዓርብ ጠዋት መልስ ከሌለ መደወል ነው። ዝም ያሉት ገንዘብ አጥሯቸው ወይም ከባለቤታቸው ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ሊሆን ስለሚችል፣ «የቸገረዎት ዋጋው ነው ወይስ ቀለሙ?» ብሎ መጠየቅ በር ይከፍታል። በስልክ የተስማሙትን ወዲያው በጽሑፍ ማስፈር ይገባል። ሳያስፈቅዱ መለጠፍ ግን አያዋጣም፤ የደረቀ ሴራሚክ ሳይሰበር አይነሳም።