ዕቁቡ ወጣ፤ ሀብቱስ ጨመረ?

የተጣራ ሀብትን ለመከታተል በየወሩ መጨረሻ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ በአንዱ ንብረት፣ በሌላው ዕዳ። ልዩነቱ የተጣራ ሀብት ነው።

ስህተት የሚበዛው ዕቁብ ላይ ነው። አሥራ ሁለት አባላት በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ እንበል። በሦስተኛው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው 60,000 ብር ይቀበላል፤ ገና የሚጥለው 45,000 ብር ግን ዕዳ ነው። የራሱ ገንዘብ እስካሁን የጣለው 15,000 ብር ብቻ ነው። ዕጣ ያልደረሰው አባልም የጣለውን 15,000 ብር ንብረት ብሎ ይመዝግብ።

የአንድ ወር ለውጥ ብዙ አይናገርም፤ በዓል ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ያዛባዋል። የስድስት ወሩን አቅጣጫ ይዩ። የቤትዎን ዋጋ ግምት ሳይቀይሩ ልዩነቱ ካደገ በእርግጥ እየቆጠቡ ነው። ዕዳው ከቁጠባው ፈጥኖ ካደገ ግን አዲስ ብድር አይውሰዱ።