ክፍል ላልገባ ጓደኛ የሚጻፍ መልስ

አንድ ጓደኛችን በበዓል ዋዜማ መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ የቤተሰቡን ሱቅ ሲያግዝ ዋለ እንበል። የሒሳብ ማስተማር ዘዴ ትምህርት አመለጠው። ማታ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ሲለን ብዙዎቻችን «ስለ መቀነስ ነው፤ ብዙም አላመለጠህ» እንለዋለን። ይህ ርእሱን ነገረው እንጂ ትምህርቱን አልነገረውም። በአምስት መስመር ግን ይህን ያህል ማለት ይቻላል፦

«ጥያቄው፦ ልጆች 52 − 27 = 35 የሚሉት ለምንድን ነው?
ምክንያቱ፦ ልጁ በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ይቀንሳል። በአንድ ቤት ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ 7 − 2 = 5 ይላል። በአሥር ቤት 5 − 2 = 3 ይላል።
መፍትሔው፦ አምስት ባለ አሥር ብርና ሁለት አንድ ብር ሰጥተህ 27 ብር ክፈል በለው። አንድ ብሮቹ ስለማይበቁት አንዱን ባለ አሥር ይዘረዝራል። አራት ባለ አሥርና 12 አንድ ብር ይኖረዋል፤ ከፍሎ 25 ይተርፈዋል።
የቤት ሥራ፦ ይህንኑ ስሕተት የሚያጋልጥ ሌላ ጥያቄ ለሐሙስ ይዘህ ና።
ያልያዝነው፦ ስለ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር የተባለውን መምህሩን ጠይቅ።»

ጓደኛችን ሱቅ ውስጥ ብር ሲዘረዝር ስለሚውል መፍትሔው ቶሎ ይገባዋል። የመጨረሻዋ መስመርም አትናቅ። በግምት ከሞላናት ጓደኛችን የእኛን ግምት የመምህሩ ቃል ነው ብሎ ይይዘዋል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ለምሳሌው ቁጥሮች ነው። በችኮላ የአንድ ቤቶቹን አቀያይረን 57 − 22 ብንጽፍ መልሱ እውነትም 35 ነው። ያ ልጅ በተሳሳተ መንገዱ ሄዶም 35 ያገኛል፣ መቀነስ የሚችለውም 35 ያገኛል። ስሕተቱ ተሸፈነ ማለት ነው። ጓደኛችንም «ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳተ?» ብሎ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሌላውን ቃል ብናሳጥርም ምሳሌውን ከደብተራችን እንዳለ መገልበጥ፣ ከመላካችን በፊትም አንድ ጊዜ ሠርተን ማየት ነው።

መልሳችን መድረሱን እንዴት እናውቃለን? «ገባህ?» ብንለው «አዎ» ይላል፤ ይህ አይበቃም። ይልቅ «ያው ልጅ 63 − 28ን ስንት የሚል ይመስልሃል?» እንበለው። «45» ካለ ስሕተቱ እንዴት እንደሚሠራ ገብቶታል። «35» ካለ ትክክለኛውን መልስ ሰጠን እንጂ በልጁ መንገድ አልሄደም። የጎደለው ሁለተኛው መስመር ነውና እርሱን ብቻ መልሰን እንጻፍለት።